«ቀረሁብህ» እና «ይቅር በለኝ»
ለጓደኛ ሠርግ ስለ መቅረት የሚጻፍ አጭር መልእክትና የግሱ አገባብ

(በተማሪዎች ማኅበር የቋንቋ ምሽት ላይ የተነበበ ንግግር)



ዛሬ ልንነጋገርበት ያሰብነው ጉዳይ ከአምስት ወይም ከስድስት መሥመር የማይበልጥ ጽሑፍ ነው። አንድ ሰው ጓደኛው ሲያገባ ተጠርቶ ሳይሄድ ይቀራል። ሠርጉ ካለፈ በኋላ በወረቀትም ሆነ በስልክ አጭር መልእክት ጽፎ ይቅርታ ይጠይቃል። ሠርግ የሚበዛበት የጥር ወር ብዙ ጊዜ ከፈተናችን ጋር ስለሚገጥም፣ ከመካከላችን ይህን የመሰለ መልእክት ያልጻፈ ወይም ያልደረሰው ጥቂት ሳይሆን አይቀርም። መልእክቱም አንዳንድ ጊዜ ቅያሜን ያበርዳል፣ አንዳንድ ጊዜም ጭራሽ ያብሰዋል። ሁለቱን የሚለያያቸው የቃላቱ ማማር ሳይሆን የግሱ አገባብ መሆኑን ለማሳየት እንሞክራለን። በአማርኛ ማን እንዳጠፋ፣ በማን ላይ እንዳጠፋና ማን ይቅር እንዲል እንደሚጠየቅ የሚናገረው ግሱ ነውና።

ነገሩ በደፈናው እንዳይቀር አንድ መልእክት አዘጋጅተናል። መልእክቱን ያቀነባበርነው እኛው ነን፤ ስሕተቶቹ ግን በየቀኑ የምናያቸው ናቸው። እንዲህ ይላል፦

«ሰላም ወንድሜ። ሠርግህ ላይ ስላልመጣው አዝናለው። ያልመጣሁበት ምክንያት እናቴ ታሞብኝ ስለነበረ ነው። ብችል ኖሮ መጣሁ ነበር። ይቅርታ ይደረግልኝ። እግዚአብሔር ትዳራችሁን ይባርካል።»

ጸሐፊው ቅን ሰው መሆኑ ያስታውቃል። እናቱ በእርግጥ ታመዋል፤ ጓደኛውንም ይወዳል። ነገር ግን መልእክቱ የሚፈልገውን አልተናገረለትም። ከመጀመሪያው መሥመር ጀምረን እንከተለው።

«ስላልመጣው አዝናለው» ሲል በሁለቱም ቃላት መጨረሻ ላይ «ሁ» መጻፍ ሲገባው «ው» ጽፏል። ስሕተቱ የሚመጣው ከጆሮ ነው። በንግግራችን «መጣሁ» ስንል የመጨረሻዋ «ሁ» እየላላች ከ«ው» ጋር ልትመሳሰል ትደርሳለች፤ እጅም ጆሮ የሰማውን ይጽፋል። ጉዳቱ ግን የፊደል ብቻ አይደለም። «ሁ» የተናጋሪው የእኔ ምልክት ናት፤ «ው» ደግሞ የሩቅ ወንድ ምልክት ናት። «ያልመጣሁ» ስንል እኔ ነኝ፤ «ያልመጣው» ስንል ግን ያ ያልመጣው ሰውዬ ነው። «ቀረሁ» ማለት እኔ ሳልሄድ ቀረሁ ማለት ነው፤ «ቀረው» ማለት ግን «ሊመረቅ አንድ ዓመት ቀረው» እንደምንለው ስለ ሌላ ሰው የሚነገር ነው። «አለሁ» እና «አለው» እንዲሁ ናቸው። እንግዲህ ጸሐፊያችን በአንዲት ፊደል ምክንያት ጥፋቱን ሳያስበው ከራሱ አንሥቶ ለማይታወቅ ሰው ሰጥቶታል።

የተጠራጠረ ሰው የሚፈትንበት ቀላል ዘዴ አለ። በቃሉ መጨረሻ ላይ ሌላ ቅጥያ ጨምሮ ጮክ ብሎ ያንብበው። «አልመጣሁም»፣ «ቀረሁብህ»፣ «አዝናለሁና» ሲል «ሁ» ከመካከል ስለምትገባ ጥርት ብላ ትሰማለች። በመካከል «ሁ» ሆና የተሰማች ፊደል በመጨረሻም «ሁ» ሆና ትጻፋለች።

በዚሁ አጋጣሚ ስለ «ኩ» አንድ ቃል እንበል። «ቻልኩ» እና «ቻልሁ» ሁለቱም የሚነገሩና የሚጻፉ ናቸው፤ በጎጃምና በጎንደር «ሁ» ይዘወተራል፣ በሸዋና በአዲስ አበባ «ኩ» ይዘወተራል። ይህ ምርጫ ያለው ግን እንደ «ቻለ» ባሉት ግሶች ዘንድ ነው። «መጣ» እና «ቀረ» መጨረሻቸው አናባቢ ስለሆነ «መጣሁ»፣ «ቀረሁ» ብቻ ይባላሉ። በአንድ አጭር መልእክት ውስጥ «አልቻልኩም» እና «ሳልመጣ ቀረሁ» ጎን ለጎን ቢገኙ ስሕተት የለበትም።

አሁን ፊደሉ ተስተካክሎ «ስላልመጣሁ አዝናለሁ» ሆኗል እንበል። ይህም ቢሆን ገና ይቅርታ አይደለም። «አዝናለሁ» የሚለው ቃል የተናጋሪውን ስሜት ይገልጣል እንጂ ከሰሚው የሚጠይቀው ነገር የለም። በእንግሊዝኛ አንዱ ቃል ለኀዘንም ለይቅርታም ስለሚያገለግል፣ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ የተከታተለ ሰው በአማርኛም እንዲሁ የሚሆን ይመስለዋል። በአማርኛ ግን ባልደረሰብን ነገር ሁሉ ማዘን እንችላለን፤ ጎረቤት ላሙ ብትጠፋበት እናዝናለን። ስለዚህ «አዝናለሁ» ብሎ የጻፈ ሰው ኀዘኑን ነገረን እንጂ ጥፋቱን አልነገረንም።

ጥፋቱን የሚነግረን የትኛው ግስ ነው? በሠርግ ያልተገኘ ሰው ሊመርጣቸው የሚችላቸው ቢያንስ አራት አነጋገሮች አሉ። «አልመጣሁም» ቢል ወሬ ነገረ ማለት ነው፤ «መጣህ ወይ?» ተብሎ ለተጠየቀ ሰው የሚሆን መልስ ነው። «አልተመቸኝም» ቢል አድራጊው ጠፋ። በዚህ ግስ ተናጋሪው በ«ኝ» ተመልክቶ ተደራጊ ሆኗል፤ ያልተመቸው ነገር ምን እንደሆነም አይታወቅም። ጓደኛችን ይህን ሲያነብ ሠርጉ ከአንድ ከሰዓት በኋላ ቀጠሮ ጋር የተቆጠረ ይመስለዋል። «መምጣት አልቻልኩም» ቢል በእርግጥ ያልቻለ እንደሆነ እውነት ተናገረ፤ ግን ራሱን አስቀድሞ ነጻ አወጣ። የፈረደ ሰው ደግሞ ይቅርታ ምን ያደርግለታል?

አራተኛው «ሳልመጣ ቀረሁ» የሚለው ነው። ይህ አነጋገር ሁለት ግሶችን አያይዟል። «ሳልመጣ» አለመምጣቱን ይናገራል፤ «ቀረሁ» ደግሞ ሌላው ሲሄድ ወደ ኋላ መቅረቱን ይናገራል። ሲጠበቅ እንደነበረ «ቀረ» በሚለው ቃል ውስጥ ተሰምቷል። ፍቺው እንዲህ መሆኑን ለማወቅ፣ በመንገድ ሲያልፍ ድንኳኑን አይቶ ስላለፈ እንግዳ ሰው እንናገርበት። «ያ መንገደኛ ወደ ሠርጉ አልገባም» እንላለን እንጂ «ሳይመጣ ቀረ» አንልም፤ የጠበቀው የለምና። ስለዚህ «ሳልመጣ ቀረሁ» ያለ ሰው «እንደጠበቅኸኝ አውቃለሁ» ማለቱ ነው። ቦታ ተይዞለት እንደነበር፣ ምሳ ሲቀርብ ዓይን ወደ በሩ እንደተመለከተ አምኗል።

ሁለቱ ግሶች በአካል መስማማት እንዳለባቸው እናስታውስ። አንድ ሰው «ሳልመጣ ቀረሁ» ይላል፤ ብዙዎች ሆነው የሚጽፉ «ሳንመጣ ቀረን» ይላሉ። ለክፍል ጓደኞቹ ሁሉ ተወክሎ የሚጽፍ ተማሪ በራሱ ጀምሮ በብዙ ሲጨርስ፣ «ሳልመጣ ቀረን» የሚል ነገር ሲያወጣ ይታያልና።

ከዚህ ቀጥሎ የምናየው የመልእክቱ ልብ የሆነውን ጉዳይ ነው። «ሳልመጣ ቀረሁ» ጥፋቱን አመነ፤ ጥፋቱ በማን ላይ እንደወደቀ ግን ገና አልተናገረም። አማርኛ ለዚህ ሁለት ትንንሽ ፊደላት አሉት፤ እነርሱም «ል» እና «ብ» ናቸው። ዳኛው «ፈረደለት» ስንል ሰውዬው ረታ፤ «ፈረደበት» ስንል ተረታ። «መሰከረለት» ጠቀመው፤ «መሰከረበት» ጎዳው። ግሱ አልተለወጠም፤ የተለወጠችው መካከል የገባችው ፊደል ናት። እርግጥ «ብ» ሁልጊዜ ጉዳትን አታመለክትም። «አልጋው ላይ ተኛበት» ስንል ቦታን፣ «በቢላዋው ቆረጠበት» ስንል መሣሪያን ታሳያለች። ቦታም መሣሪያም በሌለበት፣ ሰው ላይ ስትውል ግን የሚጎዳውን ሰው ታሳያለች።

እንግዲህ «ቀረሁ» በሚለው ላይ «ብህ» ሲጨመር «ቀረሁብህ» ይሆናል። ይህ አንድ ቃል ሦስት ነገር ይናገራል፦ የቀረሁት እኔ ነኝ፤ ትጠብቀኝ ነበር፤ መቅረቴም አንተን ጎድቷል። በሌላ ቋንቋ አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር የሚጠይቀውን አማርኛችን በአንድ ግስ ይጨርሰዋል። ሙሽራውም ተቀይሞ ቢናገር በዚሁ ቃል ነበር የሚናገረው፤ «በሠርጌ ቀረህብኝ» ይላልና። «ቀረሁብህ» ብሎ የጻፈ ሰው የጓደኛውን አቤቱታ ከአፉ ሳይወጣ ቀድሞ ተቀብሎለታል።

ወደ ጸሐፊያችን እንመለስ። በእርሱ መልእክት ውስጥ «ብ» ሰው ላይ የዋለችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እርሷም «ታሞብኝ» በሚለው ውስጥ ናት። ይህች «ብኝ» ትክክል ናት፤ የእናቱ መታመም እርሱን ስለጎዳው «ታማብኝ» ማለቱ ይገባዋል። ነገር ግን በመልእክቱ የተጎዳው ሰው እርሱ ብቻ ሆኗል። ከዚህ የተነሣ አንድ መፈተኛ እናቀርባለን። መልእክታችንን ጽፈን ስንጨርስ «ብኝ» ስንት ጊዜ፣ «ብህ» ስንት ጊዜ እንደተጻፈ እንቁጠር። «ብኝ» በዝቶ «ብህ» ከሌለ፣ የጻፍነው የይቅርታ መልእክት ሳይሆን የራሳችን አቤቱታ ነው።

ስለ እናቱ የተጻፈውን ዐረፍተ ነገር ስንመለከት ሁለት ነገሮች እናገኛለን። የመጀመሪያው ግልጽ ነው። እናት ሴት ስለሆነች «ታማ» እንጂ «ታሞ» አትባልም። ቦዝ አንቀጽ አድራጊውን ይከተላል፤ እኔ «ታምሜ»፣ እርሱ «ታሞ»፣ እርሷ «ታማ» እንላለን። እናቱን አንቱ የሚል ቤተ ሰብ ከሆነ ደግሞ «ታመውብኝ» ይላል። ስሕተቱ የሚመጣው ጸሐፊው «መታመም» የሚለውን ነገር እንጂ የታመመችውን ሰው ሳያስብ ሲጽፍ ነው።

ሁለተኛው የአቀማመጥ ጉዳይ ነው። በአማርኛ ዋናው ግስ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል፤ በአንባቢው ጆሮ የሚቀረውም የመጨረሻው ነው። ጸሐፊው አስቀድሞ ጥፋቱን ተናግሮ፣ ዐረፍተ ነገሩን ዘግቶ፣ «ያልመጣሁበት ምክንያት» ብሎ አዲስ ዐረፍተ ነገር ሲከፍት፣ የኋለኛው ቦታ ለምክንያቱ ተሰጠ። «ምክንያቱም ... ስለሆነ ነው» የሚለው አቀማመጥ በራሱ ስሕተት የለበትም፤ ለሪፖርትና ለክርክር የተመቸ ነው። ለይቅርታ ግን ቦዝ አንቀጽ ይሻላል። «እናቴ ታማብኝ ሳልመጣ ቀረሁብህ» ስንል ምክንያቱ ፊት ለፊት ሄዶ መንገዱን ይጠርጋል፤ ዐረፍተ ነገሩ የሚያርፈው ግን በጥፋቱ ላይ ነው። ምክንያቱ አልተደበቀም፤ ሆኖም ከጥፋቱ በላይ አልተቀመጠም። ለዚህም አራት ቃል በቃን።

«ብችል ኖሮ መጣሁ ነበር» የሚለው ደግሞ የግስ ስሕተት ነው። ያልሆነውን ነገር እንደሚሆን አድርገን ስንናገር፣ በኋላ የሚመጣው ግስ ትንቢት ሆኖ «ነበር» ይጨመርበታል፤ ስለዚህ «ብችል ኖሮ እመጣ ነበር» ይባላል። «እመጣለሁ ነበር» አይባልም፤ «ነበር» ሲገባ «አለሁ» ይወጣል። አንዳንድ ሰዎች «መጥቼ ነበር» ሊሉ ይሞክራሉ። ይህ አነጋገር ለብቻው ሲነበብ በእርግጥ መጥቶ የተመለሰ ሰው ንግግር ነው፤ ሙሽራውን «የት ቆመህ ነው ያላየሁህ?» የሚያሰኝ ነው። ግሱ ከተስተካከለም በኋላ ዐረፍተ ነገሩ መልእክቱን የሚጠቅም አይመስለንም። እናቱ እንደታመመች ተናግሯልና፣ ቢችል እንደሚመጣ ጓደኛው ራሱ ይፍረድለት። መልእክቱ ውስጥ ቢቀር አንዳች አይጎድልም።

አሁን ወደ ልመናው ደረስን። «ይቅርታ ይደረግልኝ» በሚለው ውስጥ የሚያደርገው ማን ነው? አይታወቅም። ግሱ በተደራጊ ስለተነገረ ለመሥሪያ ቤት የሚጻፍ ማመልከቻ ይመስላል፤ ማመልከቻ ለወንበር ይጻፋል፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ማንም ቢሆን ግድ የለም። ጓደኛ ግን ወንበር አይደለም። ይቅር የሚለው እርሱ ብቻ ስለሆነ ትእዛዙ በእርሱ ላይ መዋል አለበት፦ «ይቅርታ አድርግልኝ»፣ ወይም «ይቅር በለኝ»። በመጀመሪያው ውስጥ ያችን የጥቅም ፊደል፣ «ል»ን ልብ በሉ። «ቀረሁብህ» ያለ ሰው «አድርግልኝ» ሲል ጉዳቱ ወደ ጓደኛው፣ ቸርነቱ ወደ እርሱ እንደሚሄድ ሁለቱ ፊደላት ይመሰክራሉ።

«ይቅር በለኝ» የሚለው ደግሞ ከዚህ የጠለቀ ነገር አለው። «ይቅር» ምንድን ነው? «ቀረ» ከሚለው ግስ የወጣ፣ ለሩቅ ወንድ የሚነገር ትእዛዝ ነው። «ይህ ነገር ይቅር» ስንል «ይተው፣ ወደ ኋላ ይሁን» ማለታችን ነው። እንግዲህ «ይቅር በለኝ» ማለት «ስለ ጥፋቴ ‹ይቅር› የሚለውን ቃል ተናገርልኝ» ማለት ነው። ሰውዬው ከሠርጉ ቀረ፤ ጥፋቱም ይቅር ተባለ። ጥፋቱን የተናገረበት ግስና ምሕረቱን የለመነበት ግስ አንድ ግስ ነው። «ሳልመጣ ቀረሁብህ፤ ይቅር በለኝ» የሚለው አነጋገር ለጆሮ የሚጥመው ስለዚህ ይመስለናል። ታርቀው የሚለያዩ ሰዎች «ይቅር ለእግዚአብሔር» ሲባባሉም የሚያነሡት ይህንኑ ግስ ነው።

ከትርጓሜው አንድ የአጻጻፍ ደንብም ይከተላል። «ይቅር» የሚባለው ጥፋቱ ስለሆነ፣ ለወንድም ለሴትም ለብዙም ስንጽፍ «ይቅር» አይለወጥም። የሚለወጠው ተከታዩ «በለኝ» ነው። ለቅርብ ወንድ «ይቅር በለኝ»፣ ለቅርብ ሴት «ይቅር በይኝ»፣ ለብዙዎች «ይቅር በሉኝ»፣ በአክብሮት ለሚጠራ ሰው «ይቅር ይበሉኝ» ይባላል። ለሴት ሲሆን «ል» ወደ «ይ» መለወጧን እናስተውል፤ «ተቀበል» «ተቀበይ» እንደሚሆን ማለት ነው። «አትዘንብኝ» የሚል ሰውም ለሴት ሲጽፍ «አትዘኚብኝ» ይላል፤ «ን» «ኝ» ሆናለች። እነዚህን ለውጦች በአፋችን ማንም አይስታቸውም። የሚሳቱት ለወንድ ጓደኛ የተጻፈውን መልእክት ገልብጠን፣ ስሙን ብቻ ለውጠን ለሴት ጓደኛ ስንልክ ነው። አንዲት ሙሽራ «ሠርግሽ ላይ ሳልመጣ ቀረሁብህ» የሚል ነገር ሲደርሳት መልእክቱ መጀመሪያ ለማን እንደተጻፈ ታውቃለች፤ ከዚያ ወዲያ ይቅርታው አልቋል።

የመጨረሻው መሥመር ምርቃት ነው፤ «እግዚአብሔር ትዳራችሁን ይባርካል» ይላል። ይህ ምርቃት ሳይሆን ትንቢት ሆነ። መራቂ «ይባርክ» ይላል፤ «ይባርካል» የሚለው የሚሆነውን የሚያውቅ ሰው ነው። እንደዚሁም «ያድርግላችሁ» ምርቃት ነው፣ «ያደርግላችኋል» ተስፋ መስጠት ነው፤ «የሰመረ ይሁን» ምርቃት ነው፣ «የሰመረ ይሆናል» ግምት ነው። በዚህ ቦታ ጸሐፊው «ትዳራችሁ» ብሎ ወደ ብዙ መሻገሩ ግን ትክክል ነው። ጥፋቱ በጓደኛው ላይ ስለሆነ «ቀረሁብህ» በነጠላ ይባላል፤ ትዳሩ ግን የሁለት ስለሆነ ደስታውና ምርቃቱ በብዙ ይነገራል። ስለዚህ ከ«አንተ» ወደ «እናንተ» መሻገር የሚፈቀደው ነገሩ ራሱ ከአንድ ወደ ሁለት ሲሻገር ነው፤ በመካከል ያለ ምክንያት ወዲያና ወዲህ ማለት ግን አንባቢውን ያደናግራል።

መልእክቱን ከማስተካከላችን በፊት በውስጡ የሌሉ ሁለት ነገሮችን እንጥቀስ። ብዙ ጊዜ ሙሽራን የሚያሳዝነው የወዳጁ መቅረት ብቻ አይደለም፤ ሳይነግረው መቅረቱ ነው። አስቀድሞ የተነገረው ሰው ቦታውን ለሌላ ይሰጣል፤ ያልተነገረው ግን ይጠብቃል። ስለዚህ «ሳልነግርህ» የሚል ቃል ያስፈልጋል። እንዲሁም የቀረውን ጉብኝት መክፈል ይገባልና፣ «መጥቼ እጠይቃችኋለሁ» ማለት ያሻል። ይህ ቃል ሲጻፍ «ኋ» ትክክለኛ ቦታዋን መያዝ አለባት፤ «እጠይቃችሁ» እና «አለሁ» ሲገናኙ የሚወለደው «እጠይቃችኋለሁ» ነውና። «እጠይቃቹሃለው» የሚለው በየስልኩ የሚታየው አጻጻፍ በአንድ ቃል ውስጥ ሦስት ስሕተት ይዟል።

እንግዲህ የተስተካከለው መልእክት ይህ ነው፦

«ወንድሜ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ። ቅዳሜ ማታ እናቴ ታማብኝ ሠርግህ ላይ ሳልመጣ ቀረሁብህ። ቀድሜ ሳልነግርህ መቅረቴ ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው። ይቅር በለኝ። እርሷ ሻል ሲላት መጥቼ እጠይቃችኋለሁ። እግዚአብሔር ትዳራችሁን ይባርክ።»

ይህንኑ ለሴት ጓደኛ ብንጽፈው «እኅቴ» ብለን እንጀምርና «ሠርግሽ ላይ»፣ «ቀረሁብሽ»፣ «ሳልነግርሽ»፣ «ይቅር በይኝ» ይሆናል። ለሁለቱም በአንድነት ከሆነ «ሠርጋችሁ ላይ»፣ «ቀረሁባችሁ»፣ «ሳልነግራችሁ»፣ «ይቅር በሉኝ» እንላለን። የሚያገባው በዕድሜ የሚበልጠን ወይም መምህራችን ከሆነ «ሠርግዎ ላይ»፣ «ቀረሁብዎ»፣ «ሳልነግርዎ»፣ «ይቅር ይበሉኝ» ይባላል። ብዙዎች ሆነን ለአንድ ጓደኛ የጻፍን እንደሆነ ደግሞ «ሳንመጣ ቀረንብህ፤ ይቅር በለን» እንላለን። ተቀባዩ ሲለወጥ ከመጠሪያው ሌላ የሚለወጡት አራት ቦታዎች ብቻ ስለሆኑ፣ መልእክቱ ከመላኩ በፊት አራቱን በጣት እየነኩ ማየት ይበቃል።

«መጣ» የሚለውን ግስ በሚመለከት አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። «መጣ» ሰሚው ወዳለበት የሚደረግ ጉዞ ስለሆነ ለሙሽራው ስንጽፍ «ሳልመጣ» እንላለን። ለሌላ፣ በሠርጉ ላልነበረ ሰው ስንናገር ግን «ሳልሄድ ቀረሁ» ይባላል። ለባለ ሠርጉ «ሠርግህ ሳልሄድ ቀረሁ» ብሎ መጻፍ፣ እርሱ እዚያ ያልነበረ ያስመስለዋል። ጉዞውን ማንሣት የማይፈልግ ሰው «ሳልገኝ ቀረሁብህ» ቢል ይህ ጥያቄ አይነሣበትም።

የተናገርነው ሁሉ ወሰን እንዳለው አንሠውርም። ሰዋስው ውሸትን እውነት አያደርግም። እናቱ ሳትታመም «ታማብኝ» ብሎ የጻፈ ሰው ግሱን በትክክል አውጥቶታል፤ ጓደኝነቱን ግን አበላሽቶታል። የሚናገረው በቂ ምክንያት የሌለው ሰው ምክንያቱን ትቶ «ሳልመጣ ቀረሁብህ፤ ይቅር በለኝ» ብቻ ቢል ዐረፍተ ነገሩ ሙሉ ነው፤ ሰዋስውም ሌላ ነገር አይጠይቀውም። ደግሞም ማንኛውም መቅረት በመልእክት አይታለፍም። ሚዜ ተብሎ የተመረጠ ሰው በሠርጉ ዕለት ቢቀር፣ ሊጽፍ ሳይሆን ወደ ሙሽራው ቤት በእግሩ ሊሄድ ይገባዋል፤ በዚያም ቢሆን የሚናገረው ይህንኑ ግስ ነው።

ከመካከላችሁ በዚህ ዓመት ከጓደኛው ሠርግ የቀረና እስካሁን ያልጻፈ ካለ፣ ጊዜው አላለፈም። «እስካሁን ሳልጽፍልህ መቆየቴንም ይቅር በለኝ» የሚል መሥመር ይጨምርበት። «ሳልጽፍልህ» በ«ል» ነው፤ ደብዳቤው ሲደርስ የሚጠቅመው እርሱን ነውና።

 የተሳሳትነውን መምህራኖቻችን ቢያርሙን ደስ ይለናል።